ሳተላይት ምህዋር ላይ ለማስቀመጥ ስንት ጉልበት ያስፈልጋል? ከ mgh ወጥቶ በትክክል የማስላት መመሪያ

ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «1,000 ኪሎ ግራም የሆነ ሳተላይት ከመሬት ገጽ በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ክብ ምህዋር ለማስቀመጥ ስንት ጉልበት ያስፈልጋል?» አብዛኛው ሰው እጁ ወደ mgh ይሄድና 3.9 ጊጋ ጁል ብሎ ይጨርሳል። ትክክለኛው መልስ 33.1 ጊጋ ጁል ነው። ልዩነቱ ከስምንት እጥፍ በላይ ነው።

ደብተር ሳርም የማየው ስህተት የሒሳብ ችግር አይደለም። ማባዛቱም ማካፈሉም ልክ ነው። የሚበላሸው ከዚያ በፊት ነው፤ ርቀቱ ከየት እንደሚለካ፣ የኔጌቲቭ ምልክቱ ምን እንደሚል፣ ጉልበቱ ምን ላይ እንደሚውል ሳይለይ ሲጀመር ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። አንዷን ሳተላይት ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሄዳለን።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ሁለት ቃላት እንግባባ። «ጉልበት» ስል ኢነርጂ ማለቴ ነው፣ የሚለካውም በጁል ነው። «ኃይል» ስል ፎርስ ነው፣ እሱ በኒውተን ይለካል። እነዚህ ሁለቱ ከተደበላለቁባችሁ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይደበላለቃል።

ከዚያ እነዚህን ቁጥሮች በወረቀቱ አናት ላይ ጻፉ፦

```
GM = 3.986×10^14 m³/s²
R  = 6.371×10^6 m
h  = 4.00×10^5 m
m  = 1000 kg
```

GM የሚባለው የስበት ቋሚ ቁጥር G ከመሬት ማስ ጋር ሲባዛ የሚመጣው ነው። G ለብቻ፣ M ለብቻ እየጻፋችሁ በየመስመሩ አታባዙ። አንድ ጊዜ ተባዝቶ ያለቀውን ውሰዱ። በየመስመሩ 10^-11 እና 10^24 ይዞ መሄድ ለስህተት በር መክፈት ነው። R የመሬት አማካይ ሬዲየስ ነው። h ደግሞ ከገጹ ያለው ከፍታ ነው፤ ከኪሎ ሜትር ወደ ሜትር ቀይሬዋለሁ። እናንተም አሁኑኑ ቀይሩት፣ «በኋላ እቀይረዋለሁ» የተባለ ኪሎ ሜትር ብዙ ጊዜ ሳይቀየር ይቀራል።

ካልኩሌተራችሁ ላይ አንድ ነገር ሞክሩ። 3.986×10^14 ን በ6.371×10^6 አካፍሉ። የሚመጣው 6.257×10^7 መሆን አለበት። 6.257×10^19 ከመጣባችሁ ካልኩሌተሩ በ6.371 ብቻ አካፍሎ በ10^6 አባዝቶላችኋል ማለት ነው። ታችኛውን ቁጥር በሙሉ በቅንፍ ክተቱት፣ ወይም የ EXP ቁልፉን ተጠቀሙ። ይህን ሳታስተካክሉ አትቀጥሉ።

## ደረጃ 1፦ ርቀቱን ከመሬት መሃል ለኩ

ክብ ሳሉ። መሃሏ ላይ ነጥብ አድርጉ። ከነጥቡ እስከ ሳተላይቷ ድረስ መስመር አስምሩና r ብላችሁ ጻፉበት። ስሌቱ የሚፈልገው ይህን መስመር ነው።

```
r = R + h = 6.371×10^6 + 0.400×10^6 = 6.771×10^6 m
```

መደመሩ ላይ ተጠንቀቁ። 10^5 እና 10^6 እንዳሉ አይደመሩም፤ መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ 10^6 አምጧቸው።

ከተሳሳታችሁ እንዴት ታውቃላችሁ? አንድ ተማሪ በ r ቦታ 400 ኪሎ ሜትሩን ብቻ አስገብቶ አሳየኝ። የምህዋር ፍጥነቱ በሰከንድ 31.6 ኪሎ ሜትር ወጣለት። ቁጥሩ ሲታይ ጥሩ ይመስላል። ግን ከመሬት ገጽ ጨርሶ ለማምለጥ የሚበቃው ፍጥነት በሰከንድ 11.2 ኪሎ ሜትር ነው። በ31.6 የምትበር ሳተላይት መሬትን አትዞርም፣ ጥላት ትሄዳለች። የመሬት ምህዋር ፍጥነታችሁ ከ7.9 ኪሎ ሜትር በሰከንድ በላይ ከሆነ ሌላ ነገር ሳትፈልጉ ወደዚህ ደረጃ ተመለሱና R መደመሩን እዩ።

## ደረጃ 2፦ mgh ን ተዉት፣ እምቅ ጉልበቱን በትክክለኛው ቀመር ጻፉ

mgh የሚሠራው g በመንገዱ ሁሉ ሳይለወጥ ሲቆይ ነው። ለፎቅ፣ ለተራራ ይበቃል። ወደ ላይ ስንርቅ ግን ስበቱ ይላላል። በመሬት ገጽ 9.82 የሆነው g በ400 ኪሎ ሜትር ላይ 8.69 ይሆናል። ይህ ገና ትንሽ ነው። የመገናኛ ሳተላይቶች ያሉበት 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ግን 0.22 ብቻ ነው። እዚያ ድረስ በ9.82 አባዝቶ መሄድ ትርጉም የለውም።

የሚለዋወጠውን የስበት ኃይል ከ r ጀምሮ መጨረሻ እስከሌለው ርቀት ድረስ ደምረን ስንጨርስ የሚመጣው ይህ ነው፦

```
U = −GMm / r
```

ከታች ያለው r ካሬ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ካሬ ያለው የኃይሉ ቀመር ላይ ነው። ጉልበቱ ላይ r አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ማቀያየር በጣም የተለመደ ነው። ከጠረጠራችሁ አሃዱን አረጋግጡ፤ በ r ካሬ ካካፈላችሁ የሚወጣው ጁል ሳይሆን ኒውተን ይሆናል።

አሁን የኔጌቲቭ ምልክቷ ጋ ደረስን፣ እዚህ ትንሽ እንቆይ። ብዙ ሰው ምልክቷን እንደ ጌጥ አይቶ ይጥላታል። ጉድጓድ አስቡ። ከጉድጓዱ አፍ ውጪ ያለው ሜዳ ዜሮ ነው ብለን ተስማማን። ጉድጓዱ ውስጥ ያለ ሁሉ ከዜሮ በታች ነው፣ ማለትም ዕዳ አለበት። የመሬት ስበትም እንዲሁ ነው። ዜሮው ያለው እጅግ ሩቅ፣ ስበቱ ከማይሰማበት ቦታ ነው። እኛ የጉድጓዱ ወለል ላይ ነን። ኔጌቲቩ የሚለን «ከዚህ ለመውጣት ይህን ያህል ይጎድልሃል» ነው።

የጉድጓዱን ቅርጽ በአንድ ኪሎ ግራም እንየው። በመሬት ገጽ ዕዳው 62.6 ሜጋ ጁል ነው። ከመሃል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን፣ ማለትም 6,371 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ስንወጣ፣ ወደ 31.3 ይወርዳል። ግማሹ ዕዳ በዚች ርቀት ተከፈለ ማለት ነው። በአሥር ሬዲየስ 6.3 ይቀራል። ጨረቃ ባለችበት ርቀት ደግሞ 1 ሜጋ ጁል ገደማ ብቻ። ጉድጓዱ ከታች ገደል ነው፣ ወደ ላይ ሲወጣ ሜዳ እየሆነ ይሄዳል። ይህን ሥዕል ያዙት፤ ቀጥሎ የሚመጡ ቁጥሮች ልክ መሆናቸውን በዓይን የምትፈትሹት በሱ ነው።

አሁን የእኛን ሳተላይት ሁለት ቦታ ላይ አስሉ፦

```
በመሬት ገጽ:  U1 = −3.986×10^14 × 1000 / 6.371×10^6 = −6.257×10^10 J
በምህዋሩ:    U2 = −3.986×10^14 × 1000 / 6.771×10^6 = −5.887×10^10 J
```

U2 ከ U1 ይበልጣል፣ ምክንያቱም ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። «58 ከ62 ስለሚያንስ ጉልበቱ ቀነሰ» ያለ ካለ ምልክቷን ጥሏታል። ወደ ላይ ስትወጡ U ሁልጊዜ መጨመር አለበት። ከቀነሰባችሁ ምልክቱ ጠፍቷል፣ ወይ ሁለቱ r ተቀያይረዋል።

## ደረጃ 3፦ ለመውጣት ብቻ የሚያስፈልገውን ቀንሱ

```
U2 − U1 = −5.887×10^10 − (−6.257×10^10) = 3.70×10^9 J
```

3.7 ጊጋ ጁል። mgh በ9.82 ቢሠራ 3.93 ይሰጣል። ስህተቱ 6 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ በ400 ኪሎ ሜትር ላይ mgh ያን ያህል አላሳሳተም። ታዲያ መልሱ ለምን በስምንት እጥፍ ራቀ? ምክንያቱ ከፍታው አይደለም። ቀጥሎ ያለው ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ ላይ ሁለት በጣም የሚቀራረቡ ቁጥሮች ነው የምትቀንሱት። 6.3 እና 5.9 ብላችሁ አጠጋግታችሁ ብትቀንሱ 4.0 ታገኛላችሁ፣ 8 በመቶ ገደማ ስታችኋል ማለት ነው፤ ከ mgh ራሱ የባሰ። ቢያንስ አራት አሃዝ ያዙ፣ የምታጠጋጉት መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

## ደረጃ 4፦ የምህዋሩን ፍጥነት ፈልጉ

ሳተላይቷን 400 ኪሎ ሜትር አድርሳችሁ ብትለቋት ምን ትሆናለች? ቁልቁል ትወርዳለች። ስበቱ እዚያም 8.69 ነው፣ አልጠፋም። እንድትቆይ ወደ ጎን መሮጥ አለባት፤ መሬት እየጎበጠች ከሥሯ በምትሸሽበት ልክ እየወደቀች እንድትዞር። ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት ስበት ስለሌለ ሳይሆን ከነመንኮራኩራቸው አብረው እየወደቁ ስለሆነ ነው።

ክብ ለመዞር የሚያስፈልገውን ኃይል የሚሰጠው ስበቱ ራሱ ነው። ሁለቱን አስተካክሉ፦

```
m v² / r = GMm / r²
v = √(GM / r)
v = √(3.986×10^14 / 6.771×10^6) = √(5.887×10^7) = 7.67×10^3 m/s
```

በሰከንድ 7.67 ኪሎ ሜትር። ማሱ ተጣጥፎ እንደጠፋ አያችሁ? ትንሽም ትልቅም ሳተላይት በዚያ ከፍታ ላይ እኩል ይሮጣል።

ይህንን ከውጭ ባለ ነገር ፈትሹት። አንድ ዙር የሚፈጀው ጊዜ 2πr ለ v ሲካፈል ነው፤ 5,545 ሰከንድ ይመጣል፣ 92 ደቂቃ ከግማሽ ገደማ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ400 እና በ420 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲዞር አንድ ዙር የሚጨርሰው በ93 ደቂቃ ግድም ነው። ገጠመ። የእናንተ ከ84 ደቂቃ በታች ከመጣ ምህዋሩ መሬት ውስጥ ነው ያለው፤ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

## ደረጃ 5፦ የእንቅስቃሴ ጉልበቱን ጨምሩ

```
K = ½ m v² = GMm / 2r = 2.943×10^10 J
```

29.4 ጊጋ ጁል! ለመውጣት የፈለግነው 3.7 ብቻ ነበር። ሳተላይቷን ከፍ ማድረግ የሥራው አንድ ዘጠነኛ ነው። ስምንት ዘጠነኛው ወደ ጎን ማስሮጡ ነው። mgh ጽፎ የሄደ ሰው ሳተላይቷን አውጥቶ ሳያስሮጣት ጥሏታል።

ሮኬት ሲተኮስ ተከታተሉ። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሽቅብ ይሄዳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ መዘንበል ይጀምራል። ለማያውቅ ሰው የተሳሳተ ይመስላል። ሽቅብ የሚሄደው ከወፍራሙ አየር ቶሎ ለመውጣት ነው። ዋናው ሥራ ግን ከዘነበለ በኋላ ያለው ነው።

እዚህ የሚያጋጥመው ስህተት፦ በ v ቦታ 7.67 ብቻ አስገብቶ ካሬ ማድረግ። በኪሎ ሜትር ያስገባችሁት ፍጥነት ካሬ ሲሆን መልሱን በሚሊዮን ያሳንሰዋል፤ 29,400 ጁል ይመጣል። ይህ አንድ ኪሎ ግራም ዕቃ 3 ኪሎ ሜትር ሽቅብ የማንሳት ያህል ነው። ለአንድ ቶን ሳተላይት እንደማይሆን ያስታውቃል።

## ደረጃ 6፦ ጠቅላላውን ከጠቅላላው ቀንሱ

የምህዋሩ ጠቅላላ ጉልበት የሁለቱ ድምር ነው፦

```
E2 = K + U2 = GMm/2r − GMm/r = −GMm/2r = −2.943×10^10 J
```

ኔጌቲቭ መሆኑ አያስደንግጣችሁ። እንዲያውም ፖዘቲቭ ቢሆን ነው የሚያስደነግጠው። ኔጌቲቭ ማለት ሳተላይቷ አሁንም ጉድጓዱ ውስጥ ናት፣ በመሬት ተይዛለች ማለት ነው። ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አምልጣለች።

በመሬት ገጽ ላይ ቆማ የነበረችበት ጠቅላላ ጉልበት U1 ብቻ ነው። ስለዚህ፦

```
ΔE = E2 − U1 = −2.943×10^10 + 6.257×10^10 = 3.31×10^10 J
```

33.1 ጊጋ ጁል። በሌላ መንገድ አረጋግጡት፦ የደረጃ 3 ቱ 3.70 እና የደረጃ 5 ቱ 29.43 ሲደመሩ 33.13 ይሰጣሉ። ሁለቱ መንገዶች ካልተገናኙ ምልክት የተገለበጠበት ቦታ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ U1 ሲቀነስ ኔጌቲቩ ወደ ፖዘቲቭ ሳይቀየር ቀርቶ ነው። ያኔ መልሱ −92 ጊጋ ጁል ይመጣል። እሱን ካያችሁ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

የመሬት መሽከርከር አልገባም ወይ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከምድር ወገብ የሚነሳ ሮኬት ቆሞም እያለ በሰከንድ 465 ሜትር ወደ ምሥራቅ እየሄደ ነው። ከሚያስፈልገው 7,670 ላይ 6 በመቶ ስለሆነ ለሮኬቱ ትልቅ ስጦታ ነው። በዚህ ስሌት ግን መነሻው ላይ ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት 0.11 ጊጋ ጁል ብቻ ነው፣ 33.1 ን ወደ 33.0 ያወርደዋል። ጥያቄው መሽከርከሩን ካልጠቀሰ ተዉት።

## ደረጃ 7፦ የማምለጫ ፍጥነት ከዚሁ ይወጣል

ሌላ አዲስ ቀመር አትሸምድዱ። ማምለጥ ማለት እጅግ ሩቅ ሲደርሱ ጠቅላላ ጉልበቱ ዜሮ ሆኖ መገኘት ነው። ዕዳው በሙሉ ተከፍሏል፣ ትርፍ የለም። ስለዚህ፦

```
½ m v² − GMm/r = 0
v = √(2GM / r)
```

ከመሬት ገጽ፦ በሰከንድ 11.19 ኪሎ ሜትር። ከምህዋር ፍጥነቱ ቀመር የሚለየው 2 ቷ ብቻ ናት። ስለዚህ በማንኛውም ርቀት ላይ የማምለጫው ፍጥነት የዚያው ቦታ የክብ ምህዋር ፍጥነት በ1.414 ሲባዛ ነው።

ይህ በጣም ይጠቅማል። የእኛ ሳተላይት በ7.67 እየሮጠች ነው። ከዚያው ከፍታ ለማምለጥ 10.85 ያስፈልጋታል። ስለዚህ የሚጨመርላት 3.18 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው። በጉልበት ብታዩት ደግሞ፣ ከመሬት ገጽ ለማምለጥ 62.6 ጊጋ ጁል ይፈልግ ነበር፤ ምህዋር ላይ ስትደርስ 33.1 ው ተከፍሏል። ዝቅተኛ ምህዋር ላይ የደረሰ ሰው የመንገዱን ግማሽ አልፏል የሚባለው ከዚህ ነው።

ሦስት ነገር አታምታቱ። የማምለጫ ፍጥነት የተወረወረው ነገር ማስ ላይ አይመካም፤ ጠጠርም መርከብም አንድ ነው። የሚጨምረው ግን ጉልበቱ ነው። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ለሚበር ነገር የሚነገር ፍጥነት ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ የሚገፋ ሮኬት በዝግታም ቢሆን መውጣት ይችላል፣ ነዳጁ ከበቃው። ሦስተኛ፣ ከመሬት ስበት ማምለጥ ከፀሐይ ስበት ማምለጥ አይደለም። 11.19 ይዞ የወጣ መንኮራኩር መሬትን ትቶ ፀሐይን ሲዞር ይገኛል።

## ራሳችሁን ፈትኑ፦ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ

ይህችን ወረቀት ሸፍናችሁ ሥሩት። ያው 1,000 ኪሎ ግራም፣ r = 4.216×10^7 ሜትር። ይህ ሳተላይቷ ከመሬት እኩል እየዞረች ከአንድ ቦታ በላይ የቆመች የምትመስልበት ምህዋር ነው።

ፍጥነቱ በሰከንድ 3.07 ኪሎ ሜትር መምጣት አለበት። የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 4.7 ጊጋ ጁል፣ ለመውጣት የሚፈለገው 53.1 ጊጋ ጁል። ድምሩ 57.8 ነው።

ሚዛኑ እንዴት እንደተገለበጠ ተመልከቱ። ዝቅተኛው ምህዋር ላይ ጉልበቱን የበላው ፍጥነቱ ነበር፣ እዚህ ከፍታው ሆነ። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት r የመሬት ሬዲየስ አንድ ተኩል ሲሆን ነው፣ ከገጽ 3,186 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። ከዚያ በታች ፍጥነቱ ይበዛል፣ ከዚያ በላይ ከፍታው።

እዚህ mgh የጻፈ ሰው ደግሞ 351 ጊጋ ጁል ያገኛል። ያ ከመሬት ጨርሶ ለማምለጥ ከሚበቃው 62.6 እንኳ በአምስት እጥፍ ከፍ ያለ ነው። የትኛውም የመውጫ ጉልበት ከ GMm/R ሊበልጥ አይችልም። የእናንተ ከበለጠ መልሱን አጥፉና ደረጃ 2 ላይ ጀምሩ።

## ግራ የሚያጋባው፦ ጉልበት ስታጣ ለምን ትፈጥናለች?

በ400 ኪሎ ሜትር ላይ በጣም ስስ አየር አለ። ሳተላይቷን በትንሽ በትንሹ ይጎትታታል። ብዙ ሰው «ስለዚህ እየቀዘቀዘች ትሄዳለች» ይላል። አስሉት። 390 ኪሎ ሜትር ላይ ስትወርድ የምህዋር ፍጥነቷ ከ7,673 ወደ 7,678 ሜትር በሰከንድ ያድጋል። ፈጠነች!

ሒሳቡን በጉልበት ሥሩት። አሥሩን ኪሎ ሜትር ስትወርድ እምቅ ጉልበቷ በ87 ሚሊዮን ጁል ይቀንሳል። ከዚህ ግማሹ፣ 43 ሚሊዮን ተኩል ገደማ፣ ፍጥነት ሆነ። ሌላው ግማሽ በአየሩ ግጭት ሙቀት ሆኖ ጠፋ። ጠቅላላ ጉልበቷ ቀንሷል፣ ፍጥነቷ ግን ጨምሯል። E = −GMm/2r ላይ r ሲያንስ E ይበልጥ ኔጌቲቭ ይሆናል፣ K = GMm/2r ደግሞ ያድጋል። ፈተና ላይ ይህ ጥያቄ ሲመጣ በስሜት አትመልሱ፣ ሁለቱን ቀመሮች ጎን ለጎን ጻፏቸው።

## ይህ ቁጥር የሮኬት ነዳጅ አይደለም

33.1 ጊጋ ጁል 9,200 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በቤንዚን ብታስቡት 1,000 ሊትር ገደማ ውስጥ ያለ ጉልበት። አንድ ቶን ሳተላይት ለማውጣት ግን ይህ በፍጹም አይበቃም። ለምን?

ያሰላነው ሳተላይቷ ራሷ ያገኘችውን ጉልበት ነው። ሮኬት ግን የሚያቃጥለውን ነዳጅና ማቃጠያውን ኦክስጅን ራሱ ተሸክሞ ይነሳል። መጨረሻ ላይ የሚቃጠለው ነዳጅ ምህዋር አጠገብ እስኪደርስ ድረስ እንደ ጭነት አብሮ መነሳትና መሮጥ አለበት። ከጉልበቱም አብዛኛው ወደ ኋላ ከሚተፋው ጋዝ ጋር ይሄዳል። በዚያ ላይ ሽቅብ በሚገፋበት ጊዜ ስበቱ ፍጥነት ይበላበታል፣ አየሩም ይጎትተዋል። በነዚህ ምክንያቶች ዝቅተኛ ምህዋር ለመግባት ሮኬቱ የሚያዘጋጀው የፍጥነት ለውጥ 7.7 ሳይሆን 9.4 ኪሎ ሜትር በሰከንድ አካባቢ ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ደግማችሁ አንብቡ። «ሳተላይቷን ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው ጉልበት» ካለ እዚህ የሠራነው ነው፤ ከደረጃ 1 እስከ 6 ሄዳችሁ አቁሙ። «ስንት ነዳጅ ይፈጃል» ካለ ግን 33.1 ን በአንድ ሊትር ነዳጅ ጉልበት አታካፍሉ። እሱ የሚሠራው በጉልበት ሳይሆን በሞመንተም ነው፤ የጋዙ መውጫ ፍጥነትና የሮኬቱ መነሻና መድረሻ ማስ ካልተሰጣችሁ መልስ የለውም።